ጎመን በምሥራቅ ጀርመን

እትዬ አማረች ማንበብ ስለማይችሉ፣ የእኅታቸው ልጅ ሲሞን ለትምህርት ከሄደበት ከምሥራቅ ጀርመን የሚልከውን ደብዳቤ የሚያነብላቸው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ባዘዘው ነበር። ለነገሩ ባያስነብቡትም ማንበቡ አይቀርም።

«አክስቴ፣ እዚህ የኛ ጎመን የለም» ይላል ሲሞን። «ሱቁ ውስጥ ያለው ጥቅል ጎመን፣ ድንች፣ ቀይ ሥርና ኮልራቢ የሚሉት ግንዱ እንደ ኳስ ያበጠ ነገር ነው። ጥቅል ጎመኑን ብቀቅለው ጣፋጭ ውሃ ሆነብኝ። በጎመን ፋንታ የቱን፣ በጎደሬ ፋንታ የቱን ልብላ? ዳቦና ቋሊማ አንገሽግሾኝ ሱሪዬን በሲባጎ ማሰር ጀምሬያለሁ።»

ሲባጎው ላይ ሲደርስ የእትዬ አማረች እንባ መጣ። ባዘዘው ግን ገና «የለም» የምትለዋ ቃል ላይ ቀርቷል።

«በወንድም ሶሻሊስት አገር የለም የሚባል ነገር የለም!»

«እንግዲያው ያለበትን ይጻፉለት፣ ጓድ።»

ጻፈ። ገጹን በትግልና በድል ሰላምታ ሞላው፤ ለልጁ ሆድ የተረፈው መስመር «የተገኘውን ብላ» የሚል ብቻ ነበር። «ለጎደሬው ድንች ይሆነዋል፣ እሱን እንኳ ይጨምሩልኝ» ቢሉት ወረቀቱ አለቀ አላቸው። እኔ በበኩሌ ያን ቀን ባዘዘውን በጥፊ ባጮለው ደስ ይለኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጓድ ዓባይነህ የሚባል ካድሬ ለስብሰባ ወደ ከተማችን ወደ ሚዛን መጣ። የእንግዳ ምግብ የሚሠሩት እንደ ወትሮው እትዬ አማረች ናቸው። ጨው ያልነካው ቅቅል ጥቅል ጎመን ከቅቅል ድንች ጋር አቀረቡ።

«ምንድን ነው ይኼ?» አለ ካድሬው።

«የተገኘው ነው፣ ጓድ። ምሥራቅ ጀርመን ላለው ልጄ እንዲህ እንዲበላ ተጽፎለታል።»

ባዘዘው አመድ መሰለ። ካድሬው ግን ማንኪያውን አስቀምጦ ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔም እዚያ ተምሬያለሁ። ጎመን የሚሆነው የኮልራቢው ቅጠል ነው። ሱቆቹ ገንጥለው ሳጥን ውስጥ ይጥሉታል፤ ሰው ለጥንቸሉ ይወስደዋል። ለጋ ለጋውን መርጦ፣ የመሃሉን ጠንካራ አጥንት አውጥቶ፣ ደህና አድርጎ ይቀቅለው።» ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ፦ «ጓድ ባዘዘው፣ ጻፍ! በወንድም አገር ሁሉም ነገር አለ። ጎመኑ መጣያው ሳጥን ውስጥ ነው!»

ባዘዘው ጻፈና ማኅተም መታበት። የድንቹም ነገር ገባ። እትዬ አማረችም ያን ጊዜ እውነተኛውን ጎመን ከጓዳ አወጡ።

ከወራት በኋላ መልስ መጣ። ባዘዘው አነበበ፦ «አክስቴ፣ ጎመን በላሁ! ድንቹም ለጎደሬ ቀረብ ይላል። የሱቋ ሴትዮ ቅጠሉን ስለቅም እያየች ‹ስንት ጥንቸል አለህ?› ብትለኝ፣ ‹አንድ ብቻ፣ እሱም ሲባጎውን ፈቷል› አልኳት።»

ባዘዘው ቅንድቡን ሰበሰበ። «ይኼ ልጅ ጥንቸል የሚያረባው በማን ፈቃድ ነው?»

እትዬ አማረች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው እየሳቁ አለቀሱ።

«ይተዉት ጓድ» አሉ፣ «ያንን ጥንቸል ያሳደግኩት እኔ ነኝ።»