ባሂራ የላከችው ፎቶ

ባሂራ ሪያድ ስድስት ዓመት የሰው ቤት ስትሠራ ዓረብኛን በጆሮዋ ለቀመችው እንጂ ፊደሉን ያስቆጠራት የለም። ስልኳም ከዚያው የመጣ ነው፤ ሆዱ ሁሉ ዓረብኛ። የምትነካውን ምልክት በቦታው ለይታ ትነካለች። አሁን ቡታጅራ ዳር የአንዲት ላም ወተት እየሸጠች ትኖራለች።

ሰኞ ዕለት የቻይና መንገድ ሠሪዎች ድንጋይ ካወጡበት፣ ውሃ ካቆረው ጉድጓድ አጠገብ ሰሌዳ ተተከለ። ጽሑፉ ቻይንኛ ብቻ! እዚያ ከብት የሚያጠጣው የመስቃን ገበሬ ነው ወይስ የቤጂንግ? ባሂራ ሰሌዳውን ፎቶ አንስታ ስልኳ ውስጥ ላለው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት ላከችው። በምን ቋንቋ እንደምትፈልግ አንዲት ቃል አልጻፈችም። የሱ መገመቻ የስልኩ ቋንቋ ብቻ ነበር፤ በዓረብኛ መለሰላት።

«መግባት ክልክል ነው ይል ይሆናል። ሌላ ምን ያውቃሉ!» ብላ ዘጋችው። ላሟ ሦስት ቀን ከዚያው ጠጣች።

ሐሙስ ጠዋት ወተቱን አድርሳ ስትመለስ ላሟ ሣር አልነካም አለች። ባሂራ ስልኳን ይዛ ወደ ጎረቤቷ ወደ ጀማሉ ሮጠች። ጀማሉ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ልጅነቱን ቁርኣን ቤት ስላሳለፈ ፊደሉን ያውቃል።

«እኔ እኮ አነባለሁ እንጂ ትርጉሙን አላውቅም» አላት።

«አንተ አንብብ፣ እኔ እሰማለሁ። ሁለታችን ተደምረን አንድ ሰው አንወጣም?»

«ያውም ሐረካ፣ የአናባቢ ምልክቱ፣ የለውም! ያለ ሐረካ ኡስታዜም ይንተባተባል» እያለ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ ይጎትተው ጀመር። «ላ… ላ ተሽረብ…»

ባሂራ ክንዱን ያዘችው። «አትጠጣ ነው የሚለው! ወላሂ፣ ቀጥል!»

እስከ መጨረሻው መስመር ተንተባተበ። «ሀል ቱሪድ… ሉጋ… ኡኽራ…»

«ሌላ ቋንቋ ትፈልጊያለሽ ወይ እያለኝ ነው? ከሰኞ ጀምሮ? በማላነበው ፊደል?»

ጀማሉ «በአማርኛ ንገረን» ብሎ ጻፈ። ወዲያው በአማርኛ መጣ፦ ውሃው ኬሚካል የተቀላቀለበት ነው፤ አትጠጡ፤ ከብትም አታጠጡ።

«ላሜ ጠጥታለች፤ ወተቱስ በለው።»

ወተቱ መበከል አለመበከሉን ከፎቶ ማወቅ አልችልም፤ የእንስሳት ሐኪም እስኪያያት ድረስ ማንም አይጠጣው፣ አይሽጠው አለ ረዳቱ።

ጀማሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በርግጥ ተበክሏል አላለም እኮ። ዝም ብትዪ ማን ያውቃል? አንዴ ከተወራብሽ ማን ከአንቺ ይገዛል?»

«እኔ አውቃለሁ። ከእኔ የምትገዛው የሻይ ቤቷ የሽፋ ልጅ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የኔን ወተት ነው የምትጠጣው።»

ደወለች። ሽፋ ሻይ ቤቷ ውስጥ ናት፤ የብርጭቆ ኳኳታው ይሰማል።

«ሽፋዬ፣ የዛሬውን ወተት ድፊው።»

«ምን ሆንሽ? ወተቱማ ገና ድሮ አለቀ!»

«ልጅሽስ?»

«እሷማ ሁለት ኩባያ ጨረሰች፣ ማሻአላህ።»

ባሂራ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ጀማሉ ባጃጁን አስነሳ።

«ልጅቷን ያዢያት» አለች ባሂራ በስልኩ፣ እየወጣች። «ላሜ የጠጣችው ውሃ ኬሚካል አለበት፤ ጤና ጣቢያ እንወስዳታለን። የሰሌዳውን ፎቶ ይዣለሁ፤ ለሐኪሙ አሳየዋለሁ።»