ነይ ያላት ማን ነው?

ከአሸተን ማርያም ተሳልሜ ስወርድ ልጄ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህር ነው፤ ሰው ሁሉ «የኔታ» ይለዋል። ፊቱ በርቷል።

«እማዬ፣ እልል በይ! ልጄ ልትመንን ነው።»

«የቷ? ከኔ ጋር ገበያ ወርዳ ጫማ ስታማርጥ የዋለችው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅቱ ስልክ ላይ፣ ከዳዊት ኋላ የሚጠረዘውን የሰሎሞንን የፍቅር መኃልይ አየ። ሙሽራው ክረምቱ አለፈ፣ ተነሺና ነይ እያለ ውዱን የሚጠራበትን ቦታ። ሌላ አባት ቢሆን «ይሄ የማን ጎረምሳ ነው?» ብሎ ዱላ ያነሣ ነበር። የኔው ግን ዕድሜውን ሙሉ ሙሽራው ክርስቶስ፣ ሙሽራዪቱ ቤተ ክርስቲያን እያለ አስተምሮ ሌላ ነገር አልታየው። ክረምቱ የዚህ ዓለም መከራ፣ ነይ ያላት ጌታ፣ የተጠራችው የልጁ ነፍስ! ጭራሽ ለሴቶች ገዳሙ እመምኔትም ነግሮ መጥቷል።

ጓዳ ስገባ ልጅቱ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እምዬ አድኚኝ! የላከልኝ ዲያቆኑ ነው። ቅስና ሳይቀበል ማግባት አለበት፤ እኔን ይላል። እኔም እሱን።»

ዲያቆኑ የልጄ ደቀ መዝሙር ነው። አስጠርቼ ልጄ ፊት አቆምኩት፤ እሱም ሳይደብቅ ተናገረ።

«ንባቡ ላይ ቀረህ?» ጮኸ ልጄ። «ንባብ ይገድላል፣ ትርጓሜ ያድናል አላልኩህም?»

«ብለውኛል የኔታ።»

«ሙሽራዪቱ ማን ናት?»

«አንድም ቤተ ክርስቲያን፣ አንድም የምእመን ነፍስ፣ አንድም እመቤታችን።» ወደ ጓዳው በር አየት አደረገ። «አንድም...»

«ሌላ አንድም የለም!»

ሳቄ አመለጠኝ።

«ይቅር ይበሉኝ የኔታ፤ የሙሽሮች ፍቅር ርኩስ ቢሆን ጌታ ፍቅሩን በሱ ይመስለው ነበር?»

«ምሳሌ ጥላ ነው። አካሉ እያለ ጥላ ታቅፋለህ?»

«ለጊዜው እኔ ጥላው ይበቃኛል።»

«አንተስ» አልኩት ልጄን፣ «ሚስትህን ያገባሃት በትርጓሜ ነው?»

ጢሙን ዳበሰ። ከዚያም ወንበሩ ላይ ሆኖ እንደሚያስተምር ሁሉ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጳውሎስም ስለ ባልና ሚስት ተናግሮ ምሥጢሩ ታላቅ ነው ብሏል፤ ስለ ክርስቶስና ስለ ቤተ ክርስቲያን።» ዲያቆኑን ቀና ብሎ አየው። «መጽሐፉ ስለ እናንተ አልተጻፈም፤ ይህን አልለቅም። በተክሊል ከተጋባችሁ ግን ኑሯችሁ ስለ መጽሐፉ ይናገራል። ሂድ፤ በስልክ ሳይሆን በሽማግሌ ላክ።»

«እመምኔቷንስ ምን ልበላት?» አለኝ ዞሮ።

«እሷ ጋ እኔ እሄዳለሁ፤ መንገድ አልጠላም።»

እሑድ ዲያቆኑ የላካቸው ሦስት ገበሬ ሽማግሌዎች ኩታቸውን አጣፍተው በራችን ላይ ቆሙ።

«ልጅዎን ለልጃችን ፈልገን ነው» አሉ።

ልጄ አላስቻለውም። «በንባቡ ነው በትርጓሜው?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «ኧረ የኔታ፣» አሉ ትልቁ፣ «እኛስ ለሚስትነት ነው።»

ከጓዳ እልልታ ተሰማ፤ ቀድሞ ያቀለጠው የኔ ነው።