የበዓሉ ጥቅልና የወንድሟ ቅድሚያ ክፍያ

ባልደረቦቿ «መርዶ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት በሆቴሉ እንግዳ መቀበያ ስትሠራ ነው። የሆቴሉ ገጽ «ብቻ ይምጡ!» እያለ ሰው ይጠራል፤ እንግዳው ሻንጣውን እየጎተተ ሲደርስ ግብሩ ለብቻ፣ እራቱ ለብቻ፣ የልጅ አልጋው ለብቻ መሆኑን የምታረዳው እሷ ናት። ስድብ ቁርሷ፣ ስድብ ምሳዋ ነበር። አንዲት ሙሽራ የክፍል ቁልፍ ፊቷ ላይ ወርውራባታለች።

በኋላ ወደ ሽያጭ ክፍል ተዛውራ ገጹን የምትጽፈው ራሷ ሆነች። የበዓሉ ሰሞን ሲቃረብ እንዲህ ብላ አቀረበች፦

«የበዓል ጥቅል። ከዓርብ ከሰዓት እስከ እሁድ ቀትር፣ ሁለት ሌሊት። ለሁለት ሰው በአንድ ክፍል 9,000 ብር፤ ግብርና የአገልግሎት ክፍያ በውስጡ ነው። የሁለቱም ቀን ቁርስ፣ የቅዳሜ እራትና መዋኛ ተካቷል። መጠጥና ማሳጅ አልተካተተም። ተጨማሪ አልጋ 1,500። ክፍል የሚያዘው ግማሹ ሲከፈል ነው። ከመምጫዎ ሰባት ቀንና ከዚያ በፊት ከሰረዙ የከፈሉት ሙሉ በሙሉ ይመለሳል፤ ከዚያ ወዲህ አይመለስም።»

የሽያጭ ኃላፊው አንብቦ ሳቀ። የሚያስቅ ነገር ግን አላገኘበትም።

«ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ የፍርድ ቤት መጥሪያ? ‹በሰው በሌሊት ከ2,250 ጀምሮ› በይና ዝጊው። ሌላውን ሲደውሉ እንነግራቸዋለን።»

«ማነው የሚነግራቸው? አንተ? ደዋይ ሲጮህ ስብሰባ ላይ ነኝ የምትል?»

ነገሩ እስከ ባለቤቱ ደረሰ። ባለቤቱ ያለፈው በዓል ጠብ አንገሽግሾት ስለነበር የእሷን አጸደቀ። ኃላፊው ቂሙን ዋጠ እንጂ አልተፋውም።

ጥቅሉ ከወጣ በኋላ ታላቅ ወንድሟ ሁለት ክፍል ያዘ፤ አንዱን ለራሱና ለሚስቱ፣ ሌላውን ለአማቶቹ። የሁለቱንም ግማሽ ከፈለ። በዓሉ አምስት ቀን ሲቀረው ከአማቱ ጋር ተጣላና ሚስቱን አስከትሎ ሆቴሉ ድረስ መጣ።

«የአማቶቼን ሰርዢው። ገንዘቤንም ስጪኝ።»

«ጋሼ፣ ጊዜው አልፏል። ሰባት ቀን ይላል እኮ።»

«ማነው የሚለው?»

«ጽሑፉ ነዋ። አላነበብከውም?»

«የእህቴን ጽሑፍ እንደ ውል አገላብጬ ላንብብ? የጻፍሽው አንቺ፣ የምትከለክዪኝ አንቺ! ያስተማርኩሽ ለዚህ ነው?»

ሎቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞረ። የወንድሟ ሚስት ቦርሳዋን እየቆለፈች «ተወው፣ ሰው ደረጃውን ሲረሳ እንዲህ ነው» አለች፤ ለባሏ እያለች፣ ለሷ እያሰማች።

ኃላፊው ይህን ጊዜ ከቢሮው ወጣ። ወንድሟን «አባቴ፣ አንዴ ይታገሡን» ብሎ እሷን ወደ ውስጥ ጠራት። በሩን ዘጋ።

«ለወንድምሽ አስመልስለታለሁ፤ ሥልጣኑ አለኝ። አንቺ ደግሞ ከሚቀጥለው ጽሑፍ ያን ‹አይመለስም› የሚለውን ታወጪልኛለሽ። ለባለቤቱም ‹ደንቡ ከብዶኛል፣ ይውጣ› ብለሽ የምትነግሪው ራስሽ ነሽ።»

ልቧ አመነታ። ውጭ የቆመው ሲያሳድጋት የኖረ ወንድሟ ነው። ግን ትናንት አንዲት ሴት ልጇ ታሞባት ቅድሚያ ክፍያዋ እንዲመለስላት ስልክ ላይ እያለቀሰች ስትለምን፣ «አይቻልም» ብላ የመለሰቻት ራሷ ናት።

«አልፈልግም» አለች።

«ለሥጋሽ እንኳን?»

«ለሥጋዬ ከሆነ ለዚያችኛዋም ይሁን። ትመልስላታለህ?»

«ሞኝ ነሽ!» አለና በሩን በረገደው። ወንድሟ ወዳለበት ሄዶ፣ እሷ እየሰማች፣ «እኔ ልመልስልዎ ብዬ ነበር፣ እህትዎ እምቢ አሉ» አለው። ውሸት አልነበረም። ያቃጠላትም ይኸው ነው።

ወንድሟ አልጮኸም። «ከዛሬ ወዲያ ጋሼ እንዳትዪኝ» ብሎ ወጣ።

ዓርብ ዕለት እሱና ሚስቱ መጡ። የራሱን ክፍል ቀሪ ከፈለ፤ የአማቶቹ ክፍል ባዶውን አደረ። በዚያ ሰሞን መቀበያው ላይ በዋጋ የተጣላ እንግዳ አልነበረም፤ ለዚህ ያመሰገናት ሰውም አልነበረም። ቅዳሜ እራት ላይ ወንድሟ ለአስተናጋጁ «ውሃው ይታሰባል ወይስ እመቤቲቱ ፈቅደዋል?» ሲል ሚስቱም አጠገባቸው የተቀመጡ እንግዶችም ሳቁ። እሷ በአጠገባቸው አልፋ ወደ ቢሮዋ ገባች።

እናታቸው ስልክ ደውለው «ምን አለበት ዝም ብትዪ? ገንዘቡ የአንቺ አይደለም!» አሏት።

«የኔ ቢሆንማ እሰጠው ነበር፣ እማዬ።»

«ኩራት ነው እንጂ!» ብለው ዘጉባት።

የሚቀጥለውን ጥቅልም ያንኑ ያህል ግልጽ አድርጋ ጻፈች። ኃላፊው ሳያነብ ፈረመበት፣ ወረቀቱንም በጠረጴዛው ላይ ገፍቶ ሰጣት። ከወራት በኋላ የወንድሟ ልጅ ሲመረቅ ጥሪ አልደረሳትም፤ ፎቶውን እንደ ማንም ሰው ስልኳ ላይ አየችው።