ውጭ ነኝ ብዬ የጻፍኩ ቀን

እናቴ «ልጄ» ብላ ከጠራችኝ ወራት አልፈው ነበር። ዝምድናችንን ረስታ «እቴ» ትለኝ ጀመር፤ እኔ ደግሞ ትዕግስት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝምና ሽንት ቤት ገብቼ አለቅሳለሁ። የመርሳት በሽታ ሐኪም አለ ሲሉኝ ቀጠሮ ያዝኩ፤ ሦስት ወር ጠበቅን። መድኃኒት ሰጥቷት እንደገና ታውቀኝ ይሆናል የሚል ተስፋ ነበረኝ።

ቀጠሮው ደርሶ ጠዋት ስንነሳ ልደታ ኮንዶሚኒየም ጭጋግ ውስጥ ገብቷል። ፊት ለፊታችን ያለው ብሎክ እንኳን አይታይም። እናቴን ደረጃው ሥር ወንበር ላይ አስቀምጬ ወደ ግቢው በር ወጣሁ። መብራት ስለጠፋ ኔትወርኩም ደክሟል፤ ስልክ መደወል አልሆን ሲለኝ እኔንና እናቴን ሐኪም ቤት እንዲያደርሰን ለቀጠርኩት የኮንትራት ላዳ ሹፌር መልእክት ላክሁ።

«ውጭ ነኝ።»

መንገዱ ላይ መኪና የለም። ድምፅም የለም። ትንሽ ቆይቶ መልሱ መጣ።

«እሺ እህቴ። እናትሽ ገብተዋል፣ አንቺን እየጠበቅን ነው።»

ሮጬ ተመለስኩ። እናቴ ወንበሯ ላይ ናት፤ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ግድግዳውን ታያለች። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«ቶሎ በይ። ልጄ የት ቀረች እያሉ ነው።»

አማተብኩ። አላፍርም፣ ፈራሁ። ጉንጯን ዳሰስኩት፤ ቀዝቃዛ ነው፣ ግን እሷው ናት። ያኔ ነው ግቢያችን ሁለት በር እንዳለው ትዝ ያለኝ። መጀመሪያ መጻፍ የነበረብኝን ጻፍኩ፦

«እናቴ እዚህ ከእኔ ጋር ናት። ያስገባሃቸው ሌላ ሰው ናቸው። እኛ ያለነው ተክለ ሃይማኖት በኩል ባለው በር ነው። አንተ የትኛው በር ነህ? እንዳትነሳ።»

«ሰንጋ ተራ በኩል ያለው። አልነሳም።»

እናቴን ደግፌ በግቢው ውስጥ አቋረጥን። ላዳዋ ጭጋጉ ውስጥ ቆማለች። ኋላ ወንበር ላይ የእናቴ እኩያ የሆኑ፣ ጫማ ያላደረጉ ሴት ተቀምጠዋል።

«ብርድ ላይ ቆመው አየኋቸው» አለ ሹፌሩ፣ አንገቱን እያከከ። «እናት ይግቡ አልኩ፣ ገቡ። ትልቅ ሰው ማን ነዎት ይባላል እንዴ?»

የበሩ ዘበኛ አይቶ አወቃቸው፤ ከቤት ጠፍተው መውጣታቸው ነው። ቤተሰባቸውን ሊጠራ ሮጠ። እኔ እናቴን አጠገባቸው አስቀመጥኩና እስኪመጡ እግራቸውን በአንገት ልብሴ ጠቀለልኩላቸው። ሴትየዋ ፊቴን በሁለት እጃቸው ያዙት።

«መጣሽልኝ ልጄ። የት ቆየሽ?»

አይደለሁም ማለት አቃተኝ። «መጣሁ እማዬ» አልኳቸው።

እናቴ ሁለታችንንም አየችን። ከዚያ ወደ ሴትየዋ ዘንበል ብላ፣

«ደግ ልጅ ሰጥቶዎታል» አለቻቸው። «እኔም እኮ አንዲት ነበረችኝ።»