ከሦስት ምንጮች ብቻ

የአንድ ሰው ዕድሜ ተጠቅልሎ ሲታይ ምን ያህል ይሆናል? ዓመቱን አይደለም የምጠይቀው። ሰውየው ከሄደ በኋላ በሌሎች አፍ ውስጥ የሚተርፈውን ነው። ሰርክአዲስ ገመዳ በተቀበረች ማግስት ወሰን ሰፈር፣ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጬ ይህን ሳብሰለስል ዶክተር ሊሊሳ ተነሣና ስለ እሷ ተናገረ። “ጥንቃቄ ምን እንደሆነ ያስተማረችኝ እሷ ናት” አለ። ለቀስተኛው ከንፈሩን መጠጠ። እኔ አፌ ውስጥ የነበረውን ንፍሮ መሐረቤ ውስጥ ተፋሁት። በዚህ ዕድሜዬ ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያስቆጣኝ ግን የለም።

ሰርክአዲስ ተርጓሚ ነበረች። ከጋራዥ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል፣ ቆርቆሮ ሲቀጠቀጥ እየዋለ፣ የልደትና የጋብቻ ወረቀት እየተረጎመች ኖረች። የምትወደው ሥራ ግን ሌላ ነበር፦ በጥናት ጽሑፍ ግንባር ላይ የሚሰፍረውን አጭር ማጠቃለያ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ። እንዲህ ያለ ሥራ በዓመት አንድ ሁለቴ ቢመጣላት ነው። በመጣ ቀን ግን ፊቷ ይበራል።

አንድ ልማድ ነበራት። ሲያልቅላት እኔ ቤት ትመጣለች። እኔ ፍልስፍና ሳስተምር ያረጀሁ ጡረተኛ ነኝ፤ ፈረንሳይኛ አልችልም። የምትፈልገኝም ለዚሁ ነው። እንግሊዝኛውን ታነብልኝና ወረቀቱን ጭኗ ላይ ገልብጣ “ጋሼ፣ ምን ሰሙ?” ትላለች። የሰማሁትን በአማርኛ እነግራታለሁ። የነገርኳት ፈረንሳይኛው ካለው ከበለጠ ወይም ካነሰ ጥፋቱ የእሷ ነው፤ ተመልሳ ትሠራለች።

ሊሊሳ የዚሁ የእንጦጦ ግርጌ ገበሬ ልጅ ነው። ፈረንሳይ ሄዶ የውሃ ሳይንስ አጠና። የመመረቂያ ጥናቱ እዚሁ ከበላያችን ባለው ተዳፋት ላይ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ስለሚፈልቁ ምንጮች ነበር። ማጠቃለያውን እንድትተረጉምለት ያመጣው ባሕር ዛፉ ይመንጠር ወይስ ይቆይ ተብሎ የሚመከርበት ስብሰባ ስለተጠራ ነው።

እዚያ ተዳፋት ላይ አሳየች አለች። የረገፈ ቅጠልና ጭራሮ ለቅማ፣ በጀርባዋ አዝላ ሾላ ገበያ እየሸጠች ልጆቿን ያሳደገች ሴት ናት። ስትወርድ ሸክሟን ጋራዡ ግንብ ላይ አስደግፋ ታርፋለች። ሰርክአዲስም ውሃ ታቀብላታለች።

“ስለ እኛ ጫካ ነው አሉ የምትጽፊው?” አለቻት አንድ ቀን።

“እኔ አልጽፍም፤ የተጻፈውን ነው የማሻግረው።”

“እንግዲያው ስታሻግሪ እንዳትጥይኝ፣ እቴ። ዛፉ ከተነሣ እኔ ምን ልለቅም ነው? ድንጋይ?”

ሰርክአዲስ ሳምንቱን ከዚያች አንዲት አንቀጽ ጋር ከረመች። ኤቲያዥ የሚል ቃል ነበረባት። የቸኮለ ሰው “ድርቅ” ብሎት ያልፋል። እሷ ግን የውሃ ባለሙያዎች በእንግሊዝኛ የጻፉትን አገላብጣ “ሎው ፍሎው” አለችው፤ በበጋ ምንጩ ዝቅ ብሎ የሚፈስበት መጠን ማለት ነው። ዝቅ ብሎም ቢሆን ይፈስሳል፤ ደርቋል አልተባለም። ዝናቡ ተጠራቅሞ ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበትን፣ ፈረንሳይኛው ገንዳ ብሎ የሚጠራውን መሬትም ቃል በቃል ገንዳ እንዳታደርገው ተጠንቅቃ “ካችመንት” ብላ አገኘችለት።

የመጀመሪያውን ረቂቅ አነበበችልኝ። “ምን ሰሙ?”

“ልጁ ምንም እንዳላገኘ ሰማሁ። ሁሉ ነገር ሊሆን ይችላል ነው።”

ግንባሯን መታች። “ሰረቅሁት! ጋሼ፣ የምንጩ ፍሰት መቀነሱን እኮ በእርግጠኝነት ነው የጻፈው፤ ለክቶታል። የተጠራጠረው ምክንያቱን ነው። እኔ በፍርሃቴ ልኩንም ምክንያቱንም አንድ ላይ አጨለምኩበት።”

በማግስቱ ተመለሰች። አሁን የሰማሁት ይህ ነበር፦ የበጋው ፍሰት ቀንሷል፤ ባሕር ዛፉ ለዚህ አስተዋጽኦ ሊኖረው ይችላል፤ የዝናቡ ማነስም ድርሻ ሊኖረው ይችላል፤ ውጤቱ የተገኘው ከሦስት ምንጮች ብቻ ስለሆነ ተጨማሪ ጥናት ያስፈልገዋል። ስነግራት ፈረንሳይኛውን በጣቷ እየተከተለች ነበር። ስጨርስ “በቃ፣ ተሻገረ” አለች።

ሊሊሳ ሊወስደው ሲመጣ እኔም እዚያው ነበርኩ። አነበበና አፍንጫውን አሸ።

“እትዬ ሰርኬ፣ እንግሊዝኛው ቆንጆ ነው። ግን ቱ ማች ፈራ። ይሄ ‘ሜይ’ ምናምን ይውጣልኝ። ባሕር ዛፍ ምንጮችን እያደረቀ ነው፣ አለቀ። የመጨረሻዋንም ዓረፍተ ነገር ይተዋት።”

“እኔ መቼ አመጣሁት? አንተ ነህ እኮ የጻፍከው።”

“በፈረንሳይኛማ! እሱን የሚያነቡት ፕሮፌሰሮቼ ናቸው፤ እንዲያ ባልል ይዘለዝሉኝ ነበር። እንግሊዝኛውን የሚያነቡት ፕሮጀክት የሚያጸድቁት ናቸው። ‘ሊሆን ይችላል’ ብዬ ማን ይሰማኛል?”

“ልጄ፣ ምንጩ በየቋንቋው ይደርቃል እንዴ?” አልኩት።

ሳቀ። “ጋሼ ደግሞ! እርስዎ ፈላስፋ ነዎት፤ እኛ ሥራ አለብን።”

ያ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ እንደ ጉድፍ ተቀምጧል። ባያውቅ ኖሮ ምንም አልነበረም፤ አለማወቅን ይቅር ለማለት ዕድሜዬን ሙሉ ተለማምጃለሁ። እሱ ግን የእውቀቱን ወሰን ለሚፈራቸው ይናገራል፤ ለማይጠይቁት ደግሞ ይደብቃል። ጥንቃቄ ለእሱ እንደ ክራቫት ነው፤ እንደ ድግሱ የሚታሰርና የሚፈታ።

ሰርክአዲስ አልለውጥም አለች። እሱ ወስዶ በገዛ እጁ ለወጠው። ስብሰባው ላይ በታደለው መድበል ግን ከሥሩ “ተርጓሚ፦ ሰርክአዲስ ገመዳ” የሚል ሰፍሯል። ተመከረ፣ ተጨበጨበ፣ ጸደቀ። በበጋው ተዳፋቱ ታጠረ፣ ባሕር ዛፉም ተመነጠረ።

አሳየች ባዶ ገመዷን በትከሻዋ ጥላ መጣች። ውሃውን አልተቀበለችም።

“ልጄ መጽሐፉን አንብቦልኛል” አለች። “ምንጩን ያደረቀው ዛፉ ነው ይላል። ስምሽ አለበት።”

“አሳየች፣ እኔ እንዲያ አላልኩም።”

“እንግዲያው ስምሽ እዚያ ምን ይሠራል?”

አሳየች ከዚያ ወዲያ ስታልፍ በማዶው በኩል ሆነ። አሁን ላምበረት መናኸሪያ አካባቢ የመንገደኛ ዕቃ ትሸከማለች ይላሉ።

ሰርክአዲስን፣ ስምሽን ከዚያ አስፍቂ፣ አልኳት። “ስሜ ቢወጣ ውሸቱ እዚያው ነው” አለችኝ። የፈለገችው ሌላ ነው። መድበሉ እንደገና ሊታተም መሆኑን ስትሰማ ለሊሊሳ ደወለች፤ አዘጋጆቹ ዘንድም በእግሯ ሄደች። እንግሊዝኛውን አስተካክሉ እንኳ አላለችም። ከእንግሊዝኛው ትይዩ ባለው ገጽ ላይ እሱ ራሱ የጻፈው ፈረንሳይኛ ይግባ፤ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ቢገኝ ሁለቱን ያስተያያል፣ አለች። ሊሊሳ “ቦታ የለም” አላት። አዘጋጆቹ እናያለን ብለው ሸኟት። ሁለተኛውን እትም ይዤላት የሄድኩት ሆስፒታል ተኝታ ሳለች ነው። እንግሊዝኛው እንዳለ ነበር፤ ትይዩው ገጽ ባዶ።