በሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ

ካዛንቺስ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ፣ ሥራዬ ለፖድካስት መግለጫ መጻፍ ነው። ኮምፒውተሩ ንግግሩን ከነደቂቃው ወደ ጽሑፍ ይለውጥልኛል። እኔ ስህተቱን አርሜ ባጭሩ ምን እንደተወራ እጽፋለሁ፤ ከሥሩም የምዕራፎቹን ርዕስ ከነመነሻ ደቂቃቸው እደረድራለሁ። አድማጩ ደቂቃውን ሲነካ ወሬው ከዚያ ይጀምርለታል። የሰው ነገር ማወቅ ስለምወድ ሥራው ተስማምቶኛል። እናቴ ግን ለወሬኝነትሽ ደሞዝ የሚከፍል ተገኘ ትላለች።

አንድ ቀን እንግዳችን የቄራ ሥጋ ሻጭ ነበሩ። ልጃቸው አድርሳቸው፣ ስልክ ቁጥሯን ሰጥታኝ፣ ደምበል ወዳለው መሥሪያ ቤቷ ሄደች። ሰውየው ስለ ቢላ አሳሳል፣ ስለ ሽንጥና ዳቢት ሲያወሩ ቆይተው፣ ሠላሳ አንደኛው ደቂቃ ላይ፣ ራሳቸው ሥጋ ከቀመሱ ሃያ ዓመት እንዳለፋቸው ተናገሩ። ልጃቸው ሕፃን ሳለች በጠና ታማ፣ ከዳነችልኝ ሥጋ በአፌ አይዞርም ብለው ተስለው ኖሯል። ለማንም አልነገሩም። በበዓል ሁሉን ያጎርሳሉ፤ ሊያጎርሷቸው ሲሉ ጨጓራዬ ይላሉ።

ጽሑፉን ሳነብ እዚህ ቦታ ላይ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። ርዕሱንም «ሥጋ ሻጩን ሥጋ ያስተወ ስለት» አልኩት። ደንባችን ተቆርጦ ያለቀውን ድምፅ ከፍቶ እያንዳንዱን ምዕራፍ እየነኩ መሞከር ነው። እኔ ግን ቸኮልኩና ሳልሞክር ለቀቅኩት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባል የለ።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ደወለች።

«ሠላሳ አንድን ስነካው ስለ ደንበኞቹ ነው የሚያወራው። ስለቱ የታለ?»

ቆይ ላጣራ ብዬ ድምፁን የሚቆርጠውን ባልደረባዬን ጠየቅኩት። ለካ አባትየው ደውለው ያን ወሬ እንዲቆርጥላቸው ለምነውታል፤ እሱም አምስት ደቂቃ ቆርጦ ጥሏል። እኔ የጻፍኩት ካልተቆረጠው ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ምዕራፎችም ሁሉ አምስት አምስት ደቂቃ ተዛንፈዋል። አፈርኩ። ርዕሱን አጠፋሁ፣ ደቂቃዎቹን አስተካከልኩና መልሼ ደወልኩላት።

ስህተቱ የእኔ እንደሆነ፣ አባቷ እንዲቆረጥላቸው የጠየቁት እንደነበረ ነገርኳት።

«ጨጓራው እኮ ደህና ነው» አለች። «ሐኪም ቤት የምወስደው እኔ ነኝ። በቃ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ፤ ለማን ሲል ነው የተሳለው?»

መልሱ ፊት ለፊቴ ስክሪኑ ላይ ተጽፎ ነበር። እንደዚያን ቀን ማውራት አምሮኝ አያውቅም።

«እሳቸውን ጠይቂያቸው» አልኳት።

«ለኔ ሲል ባይሆን ኖሮ ትነግሪኝ ነበር» አለችና ማልቀስ ጀመረች።