መስመሩ ጣሪያውን አይነካም

የጣለኝ ባዮኬሚስትሪ ነው። ሌላውን ሁሉ በደህና አልፌ በዚያ ኮርስ፣ እሱም ውስጥ በአንድ ጥያቄ ወደቅሁ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና ታውጇል። እኔ አዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ተማሪ እስከሆንክ ድረስ ቀበሌው ዝም ይልሃል፤ ከትምህርት ገበታ የተባረርክ ቀን ግን ስምህ የት እንደሚጻፍ ሁሉም ያውቃል። ለወደቅነው በመስከረም ድጋሚ ፈተና ተፈቀደልን። እሱን የወደቀ ይባረራል። ስለዚህ ያን ክረምት ደሴ፣ ሆጤ ወደሚገኘው ቤታችን ስመለስ ሻንጣዬ ውስጥ የያዝኩት ልብስ ሳይሆን ፍርሃት ነበር።

ጥያቄው ይህ ነው። መጠኑ የማይለወጥ አንድ ኢንዛይም አለ። ኢንዛይሙ የሚሠራበት ነገር፣ ሰብስትሬት የሚባለው፣ መጠኑ አንድ ሲሆን ፍጥነቱ ሠላሳ ሦስት፣ ሁለት ሲሆን ሃምሳ፣ አራት ሲሆን ስልሳ ሰባት፣ ስምንት ሲሆን ሰማንያ ሆነ። ግራፉን ሥሩና ቪማክስንና ኬኤምን አሳዩ። ቪማክስ ማለት ኢንዛይሙ ሊደርስበት የሚችለው የመጨረሻ ፍጥነት ነው፤ ኬኤም ደግሞ ከዚያ ፍጥነት ግማሽ ተነሥቶ የሚገኝ ቁጥር ነው። እኔም ግራፉን አሳምሬ ሠራሁ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ፍጥነት ሰማንያ ስለሆነ ቪማክስ ሰማንያ፣ ኬኤም ደግሞ ግማሹ፣ አርባ ብዬ ጻፍኩ። ሁለቱም በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘው መጡ።

ከራሴ አላመነጨሁትም። መጽሐፉ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አንድ ብቻ ስለነበረ የምናጠናው በስቴንስል፣ በሰም በተቀባው ማባዣ ወረቀት፣ እየተባዛ ከሚታደለን ጽሑፍ ነው። ስቴንስል ላይ የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ሰሙን በሹል ብረት እየጫሩ ጎባጣ መስመር ማውጣት አበሳ ነው፣ ወረቀቱ ይቀደዳል። የጽሕፈት ክፍሉ ሰው ለዚህ ብልሃት ነበረው፦ ጎባጣውን ሁሉ በማስመሪያ ያቃናዋል። እኛ ዘንድ የደረሰው ሥዕል ላይ መስመሩ ቀጥ ብሎ ይወጣና ታጥፎ፣ ቪማክስ በሚለው መስመር ላይ ተደላድሎ ይተኛል። ኬኤም የሚለውም ከታች ቦታ ስለጠበበው ይመስለኛል፣ በቋሚው መስመር ጎን፣ ግማሽ ከፍታው ላይ ተጽፏል። ያንን ሥዕል ነው ክፍላችን በሙሉ እንደ ዳዊት የደገመው።

ከእኔ ጋር አንድ መኝታ ክፍል ይኖር የነበረ፣ ከደሴ አጠገብ የኩታበር ልጅም ያንኑ ጽፎ ያንኑ ወደቀ። የገበሬ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ከእኔ ይልቅ ጎበዝ፤ ኬሚስትሪ ሲያስረዳኝ አንድም ቀን ድምፁ ከፍ ብሎ አያውቅም። በገበያ ቀን ደሴ ወጥቶ እቤታችን መጣና ወረቀቱን መሃላችን ዘርግተን ስንጨቃጨቅ ዋልን።

«ሥዕሉ ትክክል ከሆነ እኛም ትክክል ነን፤ እኛ ከተሳሳትን ሥዕሉ ተሳስቷል። ለመምህሩ አብረን እንጻፍ» አልኩት።

«መምህር ይሞገታል እንዴ?» አለኝ።

«ማን ሞገተ? እንጠይቅ ነው ያልኩህ።»

«ነጥብ ከሰጠ በኋላ የሚጠየቅ ነገር ሙግት ነው። ያስተማረኝን ሰው ተሳስተሃል ብዬ ስሜን ከሥሩ አልፈርምም፣ ወላሂ አልችልም። አንተ ጻፍ፤ መልሱ ሲመጣ ታስረዳኛለህ።»

ይሉኝታ ከልጅነቱ ጀምሮ ይዞታል። ተናደድኩበት። አባቱ ፊት ቀና ብሎ የማያውቅ ልጅ መምህሩን እንዲህ አደረጉኝ ሊል አይችልም፤ ያደገበት ነው፣ እኛም ቤት ያው ነው። እኔ ግን ንዴቴ ከይሉኝታዬ ይበልጥ ነበር። ሲሄድ «አብሽር፣ ይመጣል» ብሎኝ ወጣ።

ደብዳቤ መጻፍ እንዲያ የሚያንገበግብ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅሁ። የመጀመሪያው ገጽ ሰላምታ ብቻ ሆነ፤ «ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል፣ እኔ የእርስዎ ናፍቆት ብቻ ሲቀር ደህና ነኝ» ብዬ ሳነበው ራሴው አፈርኩና ቀደድኩት፤ ሰውየው ሊናፍቀኝ የሚችል ሰው አልነበረም። ቀጥሎ ደግሞ በመፈክር ልዝጋው ወይስ በአክብሮት የሚለው አስጨነቀኝ። ደብዳቤው ፖስታ ቤት ቢከፈት መፈክሩ የት አለ ብሎ የሚጠይቅ ይኖር ይሆን? በመፈክር ብዘጋው መምህሩ ካድሬ ነው ይለኝ ይሆን? እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሆና ታየኝና «ጌታ ያውቃል» ትላለች። ጌታማ ያውቃል፤ የማያውቀው የፈተና ክፍሉ ነው። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። ቸርች ተዘግቶባት፣ ጸሎት በየሰው ቤት ተደብቃ እየጸለየች ላለች ሴት ያን መናገር ነውር ነው።

በመጨረሻ አሳጥሬ ጻፍኩት። «የተከበሩ መምህር፣ ቪማክስና ኬኤም በግራፉ ላይ የሚታዩት እንዴትና የት ነው? በታደለን ወረቀት ላይ መስመሩ ቪማክስን ይነካል፤ ኬኤምም በፍጥነቱ መስመር ላይ ተጽፏል። እኔ ያንን ተከትዬ ወድቄያለሁ። ስህተቱ የቱ ላይ እንደሆነ ቢያስረዱኝ።» የስቴንስሉንም ሥዕል እንደነበረ ገልብጬ ከሥሩ ሣልኩት። አክብሮትን መረጥኩ፣ መፈክሩን ተውኩት።

እኛ የፖስታ ሣጥን ስላልነበረን መልሱ እህቴ በምትሠራበት በኮምቦልቻው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሣጥን እንዲመጣ አድራሻውን ሰጠሁ። ከዚያ በኋላ ክረምቱ የአውቶቡስ ሆነ። ከደሴ በጭጋግ እወርዳለሁ፣ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ይቀበለኛል፣ ፋብሪካው በር ላይ እህቴ ከፈረቃ እስክትወጣ እቆማለሁ። ጥጥ ፀጉሯ ላይ እንዳለ ወጥታ ከሩቁ እጇን ታወዛውዛለች፤ የለም ማለቷ ነው።

አንድ ቀን «ሰውየው መልስ የሚሰጥህ ይመስልሃል?» አለችኝ።

«ካልሰጠኝ አልቆልኛል።»

«እንግዲያው ሁለቱንም መንገድ አጥና» አለች፣ ነገሩ እንደዚያ ቀላል ይመስል። ሁለቱንም አጥንቼ ፈተናው ላይ የትኛውን ልጻፍ? እየተቆጣሁ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ፣ እየተቆጣሁ ዳገቱን ጨረስኩ።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል መልሱ መጣ። እህቴ ራሷ ይዛው ደሴ ወጣች። የመምህሩ እጅ ጽሕፈት እንደ ንግግሩ የቸኮለ ነበር፤ ነገሩ ግን ቀስ ብሎ የተጻፈ ነው።

«ቪማክስን መስመሩ ላይ አትፈልገው፤ እዚያ የለም» ይላል። «ከመስመሩ በላይ ያለ ጣሪያ ነው። አንድ ወፍጮ አስብ። እህል የሚያመጣው ሰው ሲበዛ የሚፈጨውም ይበዛል፤ በኋላ ግን ወፍጮው ትርፍ ጊዜ ስለማይኖረው ሰልፉ ቢረዝምም ጭማሪው እያነሰ ይሄዳል። መስመሩም ወደ ጣሪያው እየተጠጋ ይሄዳል እንጂ አይነካውም። ሰማንያ እኛ መለካት ያቆምንበት ነው፤ ኢንዛይሙ የቆመበት አይደለም። ኬኤም ደግሞ ፍጥነት አይደለም፤ የሰብስትሬት መጠን ነው። ከጣሪያው ግማሽ ከፍታ ተነሥተህ ወደ ጎን እስከ መስመሩ ሂድ፣ ከዚያ ቀጥ ብለህ ወደ ታች ውረድ። አግድሙ ላይ ያረፍክበት ቁጥር ኬኤም ነው። ጣሪያውን ዝቅ አድርገህ ከገመትክ ኬኤምም አብሮ ዝቅ ይልብሃል። ጣሪያውን በዓይን መገመት ስለሚያስቸግር ቁጥሮቹን ገልብጥ፤ አንድን ለሰብስትሬቱ፣ አንድን ለፍጥነቱ አካፍልና ሣል። ጎባጣው ቀጥ ይላል፤ ቋሚውን የሚቆርጥበት ቦታ አንድ ሲካፈል ለቪማክስ ነው።»

ገልብጬ ሣልኩት። ቀጥ አለ። ቪማክስ መቶ፣ ኬኤም ሁለት። ሃምሳው የመቶ ግማሽ ሆኖ፣ ከሁለት በላይ ተቀምጦ፣ ከፈተናው ቀን ጀምሮ ዓይኔ ሥር ነበረ። በንዴት ሳቅኩ።

የደብዳቤው መጨረሻ ግን አላሳቀኝም። «ወረቀታችን ላይ ያለው ሥዕል የተሳሳተ መሆኑን ያወቅሁት አንተ ገልብጠህ ስትልክልኝ ነው። ከማኅተሚያው ሲወጣ አላየሁትም። እንዳንተ የጻፉት ሁሉ ነጥባቸው እንዲታይ ጠይቄ ነበር፤ ውጤት ስለተዘጋ አይቻልም ተብያለሁ። ለድጋሚው ፈተና ተዘጋጅተህ ና።»

በማግስቱ ደብዳቤውን ደረቴ ውስጥ ከትቼ ወደ ኩታበር ሄድኩ። ከከተማው ወጥቼ በጭቃው እየተንሸራተትኩ ቤታቸው ስደርስ አባቱ ብቻቸውን ደጃፍ ተቀምጠዋል። ሰላም ብዬ ልጃቸውን ጠየቅኋቸው።

«ወሰዱት» አሉኝ። «ኮታ ጎደለ ብለው የገበሬ ማኅበሩ ሰዎች መጡ። ተማሪ ነኝ አላቸው። ፈተናውስ? ሲሉት ወድቄያለሁ አለ። መዋሸት አያውቅም፣ ታውቀዋለህ።»

ቁጭ አልኩ። ደብዳቤውን አውጥቼ አነበብኩላቸው፤ ስለ ወፍጮው ያለውን ሁለቴ አስደገሙኝ።

«እንግዲያ ወረቀቱ ነው እንጂ ልጄ አልተሳሳተም?»

«አልተሳሳተም አባባ። ያስተማሩትን ነው የመለሰው።»

«አልወደቀማ!» ብለው ብድግ አሉ። «ና፣ ይህን ሐጃ፣ ይህን ጉዳይ፣ ለማኅበሩ ሊቀ መንበር ንገርልኝ።»

ሊቀ መንበሩ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ነበር። ደብዳቤውን ተቀብሎ ከላይ እስከ ታች አየው፣ ገለበጠው፣ ጀርባውንም አየ። ስለ ተሳሳተው ሥዕል፣ ስለ መስከረሙ ፈተና፣ ገና አለመባረሩንም ነገርኩት። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ወረቀቱን መለሰልኝ።

«ማኅተም የለውም» አለ።

«መምህሩ በገዛ እጁ የጻፈው ነው።»

«አየሁት። ማኅተም የለውም።»

መስከረም ላይ ተፈተንኩ፣ አለፍኩ። መምህሩን ቢሮው ድረስ ሄጄ ለወዳጄ ማኅተም ያለው ወረቀት ለመንኩት፤ ሰውየው ዓይኔ እያየ ጻፈ፣ ማኅተሙ ግን ያለው መዝገብ ቤት ነው፣ መዝገብ ቤቱም ለፈተና ያልቀረበ ተማሪ ራሱን እንዳሰናበተ ይቆጠራል አለ። ወዳጄ ለፈተና ያልቀረበው የት ሆኖ እንደሆነ የሚጠይቅ አምድ ቅጹ ላይ አልነበረም። ወደ ሰሜን እንደዘመተ ሰማን፤ ከዚያ በኋላ አልሰማንም።

በየክረምቱ ደሴ ስመለስ አባትየው በገበያ ቀን እቤታችን ጎራ ይላሉ። እናቴ ውኃ ታቀርብላቸዋለች፤ እሳቸው ጤናዬን፣ የእህቴን ጤና፣ ትምህርቴን ይጠይቁኛል። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሰው የሚያስቸግሩ እየመሰላቸው «ያ ወረቀት ማኅተም ተመታለት?» ይሉኛል።

«ገና ነው አባባ» እላቸዋለሁ። ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ በኋላም እንደዚያው ነው ያልኳቸው።